ዕጢው ምርቱን የት ያስቀምጣል?

የታይሮይድ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከአንገት ሲወጣ ቀዶ ሐኪሙ አገላብጦ ጀርባውን ያያል። የሚፈልገው ሳይታሰብ አብሮ የወጣ ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። አንዳንድ ጊዜ ቢጫነት ያለው ቡናማ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራሽ ተለጥፋ ያገኛል። ቁራሿ ፓራታይሮይድ ዕጢ ከሆነች በትናንሹ ተከትፋ አንገት ውስጥ ባለ ጡንቻ ላይ መልሳ ትተከላለች፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሥራዋን ትጀምራለች። ንፍፊት ከሆነች ግን መተከል የለባትም። በተለይ ቀዶ ሕክምናው ለታይሮይድ ካንሰር የተደረገ ከሆነ፣ ካንሰር የደረሰበትን ንፍፊት ጡንቻ ውስጥ መትከል በሽታውን ከወጣበት መልሶ ማስገባት ነው።

በዓይን አይቶ መለየት ለብዙ ዓመት የሠራ ሐኪም እንኳ የሚሳሳትበት ነገር ነው። ስለዚህ ከቁራሿ ጫፍ ትንሽ ተቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይላካል። ታካሚዋ በማደንዘዣ እንደተኛች ናት፤ መልሱ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ መድረስ አለበት። መልሱን የሚሰጠው የፓቶሎጂ ሐኪም በእጁ ያለው አንድ ስላይድ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና የእያንዳንዱን ዕጢ መልክ የለመደ ዓይን ነው።

ታይሮይድ፣ ፓራታይሮይድና ከኩላሊት በላይ የሚቀመጠው አድሬናል አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሦስቱም ሆርሞናቸውን በቱቦ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ደም ይለቃሉ። ከዚህ ውጪ ግን በማይክሮስኮፕ ሥር ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የሕክምና ተማሪዎች ልዩነታቸውን ብዙ ጊዜ በሽምደዳ ይይዙታል፤ ከፈተና ማግስትም ይረሱታል። የተሻለ መንገድ አለ፤ ይህ ዕጢ ምርቱን የት ያስቀምጣል ብሎ መጠየቅ። ታይሮይድ ከሕዋሱ ውጪ ያከማቻል። ፓራታይሮይድ የሚያከማቸው እጅግ ጥቂት ነው። የአድሬናል ውጫዊ ክፍል ሆርሞኑን ሳይሆን ጥሬ ዕቃውን ያከማቻል፤ ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ያለቀለትን ሆርሞን በሕዋሱ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ይይዛል። በስላይድ ላይ የሚታየው መልክ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ስላይድ እንዴት እንደሚሠራ ካልታወቀ በስላይድ ላይ የሚታየውን ማመን ያስቸግራል። የተለመደው መንገድ ረጅም ነው። ከሰውነት የወጣው ናሙና እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይነከራል። ቀጥሎ ውኃው በአልኮል ይወጣል፤ አልኮሉም በዛይሊን ይተካል፤ በመጨረሻ ናሙናው በቀለጠ ፓራፊን ሰም ተሞልቶ እስኪጠነክር ይቀዘቅዛል። ማይክሮቶም የተባለው መቁረጫ ከዚህ የሰም ጡብ ላይ አራት ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር አራት ሺሕኛ የሚሆን ስስ ንጣይ ይልጣል። ንጣዩ በመስታወት ላይ ተለጥፎ በሁለት ቀለም ይነከራል። ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን ኒውክለስ ሰማያዊ ወይን ጠጅ ያደርገዋል፤ ኢዮሲን የቀረውን ሐምራዊ ያቀልመዋል። ይህ ሁሉ ቢያንስ አንድ ቀን ይወስዳል። አልኮሉና ዛይሊኑ ውኃን ሲያስወግዱ ስብንም አሟሟተው እንደሚወስዱ እዚህ ላይ ልብ ይሏል። በኋላ አድሬናል ላይ ሲደረስ ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ ቦታ አለው።

ታካሚ በማደንዘዣ ተኝታ ሳለ ግን አንድ ቀን መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ናሙናው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማሽን ውስጥ ፈጥኖ እንዲደርቅ ይደረግና በብርዱ እንዳለ ይቆረጣል። ፍጥነቱ ዋጋ ያስከፍላል። በረዶ ሕዋሶቹን ያዛባል፤ ንጣዩም ወፍራምና የተሸበሸበ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በዚህ መንገድ ስብ አይሟሟም።

ከሦስቱ ለመለየት በጣም የሚቀለው ታይሮይድ ነው። በዝቅተኛው ማጉያ እንኳ ሲታይ ስላይዱ በትልልቅና በትናንሽ ክብ ቅርጾች ተሞልቷል። እነዚህ ፎሊክል ይባላሉ። እያንዳንዱ ፎሊክል ዙሪያውን በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የታጠረ ሲሆን መሐሉ ኮሎይድ በተባለ ወጥ ሐምራዊ ነገር ተሞልቷል። ኮሎይዱ በአብዛኛው ታይሮግሎቡሊን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሕዋሶቹ ከደም የወሰዱት አዮዲን ከዚህ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ የታይሮይድ ሆርሞንም በዚያው ላይ እንደተሠራ ይቀመጣል። በሰውነት ውስጥ ሆርሞኑን ከሕዋሱ ውጪ በዚህ መጠን የሚያከማች ሌላ ዕጢ የለም። ክምችቱ ለሁለትና ለሦስት ወራት ይበቃል። አዮዲን ለጥቂት ሳምንት ከምግብ ቢጠፋ ወዲያው የማንታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዋሶቹ ሆርሞን ሲያስፈልግ ኮሎይዱን ከጠርዙ እየቀነሱ ወደ ውስጣቸው ይወስዱታል፤ ፈጭተውም ሆርሞኑን ለደም ይሰጣሉ። በዚህ ምክንያት ስላይዱ ዕጢው በምን ፍጥነት ይሠራ እንደነበር ጭምር ይናገራል። ሥራ የቀነሰ ፎሊክል ትልቅ ነው፤ ኮሎይዱ እስከ ጠርዙ ሞልቷል፤ ሕዋሶቹም ጠፍጣፋ ናቸው። በመካከለኛ ሥራ ላይ ያለው ሕዋሱ ቁመቱና ወርዱ እኩል ነው። ከመጠን በላይ የሚሠራው ደግሞ ሕዋሶቹ ረዝመው ይታያሉ፤ ኮሎይዱ ሳስቶ ጠርዙ ላይ በተከታታይ ነጫጭ ክፍተቶች ተበልቷል።

ግሬቭስ በተባለው በሽታ፣ ሰውነት ራሱ በሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ታይሮይዱን ያለ ዕረፍት ሲያሠራው፣ ይህ መልክ ስላይዱን ሙሉ ይሸፍናል። ሕዋሶቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ቦታ አጥተው ወደ ፎሊክሉ ውስጥ ይታጠፋሉ። እጥፋቶቹ ላልለመደ ዓይን የታይሮይድ ካንሰር ዓይነተኛ ቅርጽ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚገኘው ቅርጹን ትቶ ኒውክለሱን በማየት ነው። በግሬቭስ ኒውክለሱ ክብ፣ ወጥና ከሕዋሱ ግርጌ የተቀመጠ ነው። ፓፒላሪ በተባለው ካንሰር ኒውክለሱ ያበጠ፣ መሐሉ የነጣ፣ ጠርዙ የተጨማደደና በጎረቤቱ ላይ የተደረበ ነው። ያ የነጣ መልክ የሚመጣው በፎርማሊንና በሰም ዝግጅት ነው፤ በቀዘቀዘ ስላይድ ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ጥንቁቅ የፓቶሎጂ ሐኪም በቀዶ ሕክምናው መሐል ለታይሮይድ ካንሰር ጥያቄ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት የሚያመነታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለዘመናት የኖረው እንቅርት ሌላ ታሪክ አለው። በዝናብ የታጠበው የደጋ አፈር አዮዲን ያንሰዋል፤ ስለዚህ ከአፈሩ የሚበቅለውም ያንሰዋል። አዮዲን ሲጎድል አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይዱን ጨምረህ ሥራ እያለ በሆርሞን ይገፋዋል። መጀመሪያ ሕዋሶቹ ይበዛሉ፤ ይረዝማሉም። አዮዲን ትንሽ ሲገኝ ደግሞ ፎሊክሎቹ በኮሎይድ ይሞላሉና ይለጠጣሉ። መብዛትና መለጠጥ ለዓመታት ሲፈራረቅ አንዱ ክፍል ያብጣል፤ ሌላው ይደማል፤ ሦስተኛው ጠባሳ ይሆናል። ለዚህ ነው የቆየ እንቅርት ስላይድ አንድ ወጥ መልክ የሌለው። አጠገብ ለአጠገብ ግዙፍ ፎሊክል፣ ጥቃቅን ፎሊክል፣ የድሮ ደም ቅሪትና የካልሲየም ክምር ይታያሉ። በአገሪቱ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በአንገት ላይ የበቀለው እባጭ በጨው አይጠፋም፤ እስካሁን ወደ ፓቶሎጂ ክፍሎች ይመጣል።

በፎሊክሎቹ መካከል ካልሲቶኒን የሚሠሩ ፈዘዝ ያሉ ሕዋሳትም ተበትነዋል። በተለመደው ቀለም እነርሱን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ካልሲቶኒንን ለይቶ የሚያቀልም ልዩ ምርመራ ያስፈልጋል።

ወደዚያች የምስር ፍሬ ወደምታህለው ቁራሽ እንመለስ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ አራት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉት። እያንዳንዳቸው አምስት ሚሊሜትር ገደማ ርዝመትና ከ30 እስከ 40 ሚሊግራም ክብደት አላቸው፤ አራቱ ተደምረው ከአንድ ግራም ሩብ አይበልጡም። ትንሽነታቸው ከሳይንስ ዓይን ለረጅም ጊዜ ሰውሯቸዋል። በሰው ላይ በሥርዓት ያጠናቸውና እ.ኤ.አ. በ1880 ጥናቱን ያሳተመው ኢቫር ሳንድስትሮም የተባለው በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ግን ያስተዋለው ጥቂት ነበር።

በዚያው ዘመን በመካከለኛው አውሮፓ ሁለት ታላላቅ ቀዶ ሐኪሞች እንቅርት ያወጡ ነበር፤ ቴዎዶር ኮኸር በስዊዘርላንድ በርን፣ ቴዎዶር ቢልሮት በቪየና። የኮኸር ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው ወራት በኋላ እያበጡ፣ እየዘገዩና አእምሯቸው እየደከመ ሄደ። የቢልሮት ታካሚዎች ደግሞ በቀናት ውስጥ እጃቸው ይኮማተር፣ ጡንቻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱንም ሠርተው ሲያዩ የታዘበው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስተድ በኋላ ምክንያቱን በእጃቸው አሠራር ላይ አገኘው። ኮኸር ቀስ ብሎ፣ ደም ሳያፈስ፣ ታይሮይዱን ብቻ ጠርጎ ያወጣል፤ ስለዚህ ታካሚው የታይሮይድ ሆርሞን ያጣል፤ ፓራታይሮይዶቹ ግን ይተርፉለታል። ቢልሮት ፈጣን ነበር፤ ከታይሮይዱ ቁራጭ ይተውና ከኋላ ያሉትን ፓራታይሮይዶች ወይም የደም ሥራቸውን ይጎዳ ነበር። ፓራታይሮይድ የደም ካልሲየምን እንደሚጠብቅና የጡንቻው መኮማተር ካልሲየም በመውረዱ እንደሚመጣ የተረጋገጠው ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 ገደማ ነው። ሁለቱ ዕጢዎች በአንድ ቦታ ተለጥፈው ሥራቸው ምን ያህል እንደሚለያይ ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም።

በስላይድ ላይ ፓራታይሮይድ በጥቃቅን ሕዋሳት የታጨቀ ነው። የፓራታይሮይድ ሆርሞን በደም ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል፤ ዕጢውም ካልሲየም ዝቅ ባለ ቁጥር ወዲያው እየሠራ ይለቃል እንጂ ለወራት የሚሆን አያስቀምጥም። ስለዚህ እንደ ታይሮይድ በኮሎይድ በተሞሉ ክቦች የተሞላ አይደለም። ዋናዎቹ ሕዋሳት ክብ፣ ጥቁርና ትንሽ ኒውክለስ አላቸው፤ በዙሪያው ፈዛዛ ወይም ነጣ ያለ ሳይቶፕላዝም አለ፤ በሕዋስና በሕዋስ መካከል ያለው ድንበርም ጥርት ብሎ ይታያል። በመሐላቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሽሎኮሎካሉ። በአዋቂ ሰው ላይ ደግሞ ባዶ ክብ የሚመስሉ የስብ ሕዋሳት ተበትነው ይገኛሉ፤ በሕፃን ላይ አይኖሩም፤ በዕድሜ ይጨምራሉ። ከጉርምስና ወዲህ ትልልቅና ደማቅ ሐምራዊ የሆኑ ሌሎች ሕዋሳት በቡድን በቡድን ብቅ ይላሉ። ደማቅነታቸው የመጣው ሕዋሱ በማይቶኮንድሪያ ስለተሞላ ነው። ምን እንደሚሠሩ እስከ ዛሬ የተስማማ መልስ የለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከአንዲት የ48 ዓመት ሴት በካንሰር ምክንያት ታይሮይድ ወጥቶ፣ ከጀርባው የተገኙ ሦስት ቁራሾች በየራሳቸው ዕቃ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ተልከዋል እንበል።

የመጀመሪያው በዝቅተኛ ማጉያ ሲታይ ፎሊክል የለውም፤ የስብ ሕዋሳት በየቦታው አሉ። ማጉያው ሲጨምር ኒውክለሶቹ ትንንሽና እኩል ናቸው፤ ሳይቶፕላዝማቸው ፈዛዛ፣ ድንበራቸው ግልጽ ነው። ናሙናው በቅዝቃዜ ስለተቆረጠ ስቡ አልጠፋም፤ ስብን ቀይ የሚያደርግ ቀለም ቢጨመር በሕዋሶቹ ውስጥ ጥቃቅን ቀይ ጠብታዎች ይታያሉ። መልሱ አያጠራጥርም፤ ፓራታይሮይድ ነው፤ ይተከል።

ሁለተኛው በመጀመሪያ እይታ ያሳስታል። እርሱም በጥቃቅን ጥቁር ኒውክለስ የታጨቀ ነው። ነገር ግን በኒውክለሶቹ ዙሪያ ሳይቶፕላዝም የለም ማለት ይቻላል፤ ሕዋሶቹ እርስ በርስ አልተያያዙም፤ ከውጪው ሽፋን ሥር ደግሞ ጠባብ ክፍተት ዙሪያውን ይሄዳል። መሐሉ ላይ ፈካ ያሉ ክብ ቦታዎች አሉ። ይህ ንፍፊት ነው። ጠርዙ ላይ ለየት ያሉ፣ የተደራረቡ ሕዋሳት ቢገኙ ካንሰሩ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። በፍጹም አይተከልም።

ሦስተኛው አስቸጋሪው ነው። ትንንሽ ክቦች አሉት፤ ውስጣቸውም ሐምራዊ ነገር አለ። ታይሮይድ ነው ብሎ መቸኮል ይቻላል፤ ነገር ግን ፓራታይሮይድም አንዳንድ ጊዜ ሕዋሶቹን በክብ አሰልፎ መሐሉ ላይ ኮሎይድ የመሰለ ነገር ይይዛል። እዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። በማይክሮስኮፑ ላይ ሁለት ፖላራይዝ የሚያደርጉ ማጣሪያዎች ይገባሉ። በታይሮይድ ኮሎይድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉ በጨለማው መሐል ደምቀው ያበራሉ፤ በፓራታይሮይድ ውስጥ ግን እምብዛም አይገኙም። ካበሩ መልሱ ወደ ታይሮይድ ያጋድላል። ካላበሩ ዘዴው ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምክንያቱም በሁሉም ታይሮይድ ውስጥ ቅንጣቶቹ አይኖሩም። ያን ጊዜ ትክክለኛው መልስ «አሁን መለየት አልተቻለም» የሚል ነው፤ የቀረው ናሙና በሰም ተዘጋጅቶ ታይሮግሎቡሊንን ወይም የፓራታይሮይድ ሆርሞንን በሚያቀልም ምርመራ ይጣራል። ይህን መልስ ለቀዶ ሐኪሙ በድፍረት መናገር የፓቶሎጂ ሐኪም ሙያ አካል ነው። በግምት ከሚሰጥ ፈጣን መልስ ይልቅ ለታካሚዋ የሚጠቅማት እርሱ ነው።

ስላይድ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። ካልሲየም ከፍ ባለበት ሰው ላይ አንድ ያበጠ ፓራታይሮይድ ቢወጣ፣ ያበጠው እርሱ ብቻ ይሁን ወይስ አራቱም፣ ከአንዱ ስላይድ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የሌሎቹን ማየት ወይም ዕጢው ከወጣ በኋላ የሆርሞኑ መጠን በደም ውስጥ መውረዱን መለካት ያስፈልጋል።

አድሬናል ከኩላሊት በላይ፣ በሆድ ጀርባ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ አራትና አምስት ግራም ይመዝናል። በመሠረቱ ሁለት ዕጢ በአንድ ሽፋን ነው። ውጫዊው ክፍል ኮርቴክስ፣ ውስጠኛው ሜዱላ ይባላል፤ በፅንስ ውስጥ የተነሡበት ዘርም የተለያየ ነው። ሜዱላው ከነርቭ ሕዋሳት ዘር የመጣ ነው።

በስላይድ ላይ ከሽፋኑ ወደ ውስጥ መጓዝ ይበቃል። በሽፋኑ ሥር ሕዋሶቹ በትንንሽ ጥቅል ተሰብስበዋል፤ የሚሠሩት ጨውን የሚጠብቀውን አልዶስቴሮን ነው። ይህ ክፍል በሰው ላይ ቀጭንና የተቆራረጠ ስለሆነ በአንዳንድ ስላይድ ላይ ባይታይ አያስገርምም። ቀጥሎ ሰፊው ክፍል ይመጣል፤ ሕዋሶቹ ከሽፋኑ ወደ መሐል ቀጥ ባሉ ረድፎች ተሰልፈዋል፤ ሳይቶፕላዝማቸውም ባዶ በሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ኮርቲሶል የሚሠራው እዚህ ነው። ቀዳዳዎቹ ባዶ የመሰሉት የነበረባቸው ስብ በአልኮልና በዛይሊን ስለታጠበ ነው። ኮርቲሶል ከኮሌስትሮል ስለሚሠራ ሕዋሱ ኮሌስትሮሉን አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ሆርሞኑን ራሱን ግን እንደተሠራ ይለቀዋል። አድሬናል ሲቆረጥ ውጫዊው ክፍል ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ስብ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ክፍል መረብ በሚመስል ሁኔታ የተያያዙ፣ ትንንሽና ደማቅ ሐምራዊ ሕዋሳት ያሉበት ነው።

ከዚያ ወዲያ መልኩ በድንገት ይለወጣል። የሜዱላ ሕዋሳት ትልልቅ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉና ነጠብጣብ ናቸው፤ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በጥቃቅን ከረጢቶች ይዘዋል። በመካከላቸው ግድግዳው ላይ ወፍራም የጡንቻ ዘለላ ያለው ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ ይህን የደም ሥር ያየ ሰው አድሬናል ላይ እንዳለ ይተማመናል። ናሙናው በፎርማሊን ፋንታ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ባለበት ፈሳሽ ቢነከር የሜዱላው ሕዋሳት ወደ ቡናማ ይለወጣሉ፤ ምክንያቱም በከረጢቶቹ ውስጥ ያለው አድሬናሊን ይቃጠላል። ሜዱላ በዕጢው ጅራት በኩል ስለማይደርስ ከጅራቱ የተቆረጠ ስላይድ ኮርቴክስ ብቻ ይሆናል። ተማሪ እዚያ ላይ ሜዱላ ጠፋ ብሎ በሽታ መፈለግ የለበትም።

ሁለቱ ክፍሎች በአጋጣሚ አልተጠጋጉም። የኮርቴክሱ ደም ወደ መሐል ነው የሚፈሰው፤ ስለዚህ ሜዱላው በኮርቲሶል በበለጸገ ደም ይታጠባል። ኖርአድሬናሊንን ወደ አድሬናሊን የሚለውጠው ኢንዛይም የሚበዛው በዚያ ኮርቲሶል ነው።

የለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ 11 ሰዎችን ገልጿል፤ ደክመው፣ ከስተው፣ ቆዳቸው ጠቁሮ የሞቱ ነበሩ፤ ሲመረመሩም አድሬናላቸው ተበላሽቶ ተገኘ። ከነርሱ መካከል በቲቢ የተጎዱ ነበሩበት። ዛሬ ተመሳሳይ ስላይድ ከማይክሮስኮፕ ሥር ቢቀመጥ መንስኤው ከሚጠፋው ክፍል ይታወቃል። ቲቢ አይመርጥም፤ ኮርቴክሱንም ሜዱላውንም በልቶ ወጥ ሐምራዊ የሞተ ነገር፣ በዙሪያውም ትልልቅና ብዙ ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት ይተዋል። ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሣ የሚመጣው ግን ኮርቴክሱን ብቻ ያጠቃል፤ ሜዱላው በጠባሳ መሐል ሳይነካ ይቀራል። ቲቢ ብዙ ሰው በሚይዝባት ኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ለሐኪሞች የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌላው በስላይድ ላይ የሚነበብ ጉዳት በሰው እጅ የሚመጣ ነው። ፕሬድኒሶሎንን ወይም መሰሎቹን ለወራት የሚወስድ ሰው አንጎሉ በቂ ኮርቲሶል አለ ብሎ ስለሚያምን አድሬናልን ማዘዝ ያቆማል። ያን ጊዜ ኮርቲሶል የሚሠራው ሰፊ ክፍል ይሳሳል፤ መረብ የሚመስለውም አብሮ ይጠባል። በሽፋኑ ሥር ያሉት ጥቅሎች ግን ትእዛዛቸውን በዋናነት የሚቀበሉት ከኩላሊት ስለሆነ እንደነበሩ ይቆያሉ። ፊትን ለማቅላት ተብለው የሚሸጡ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ለረጅም ጊዜ በሰፊ ቆዳ ላይ ሲቀቡ ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። የሳሳው ክፍል እንደገና እስኪያብብ ወራት ይወስዳል። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን ማቆም የሌለበት ለዚህ ነው፤ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስለት ሐኪሙ ነው።

የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈሩ አካባቢና ጣቶቹ ላይ መደንዘዝ፣ መቆርቆር ወይም የእጅ መኮማተር ቢሰማው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታሉ ተመልሶ የደም ካልሲየሙን ያስመርምር። የወጣውን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሱት ቤተሰቦች ከሆኑ ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቁ። ናሙናው በባዶ ዕቃ፣ በውኃ ወይም በአልኮል ሳይሆን መጠኑን አሥር እጥፍ በሚያህል ፎርማሊን ውስጥ ይሁን፤ ዕቃው አፉ ሰፊ ይሁን፤ በላዩ ላይ የታካሚው ስምና ናሙናው ከቀኝ ወይም ከግራ መውጣቱ ይጻፍ፤ ከአንድ በላይ ቁራሽ ካለ በየራሱ ዕቃ ይግባ። ውጤቱ ሲደርስ ወረቀቱን አትጣሉ፤ የሰም ጡቡና ስላይዱ የት እንደሚቀመጡም ጠይቁ። ሌላ የፓቶሎጂ ሐኪም እንደገና እንዲያየው ከዓመታት በኋላ ቢያስፈልግ የሚመረመረው ያ ጡብ ነው።